ማስተካከያ፦ የሦስቱ ቀሚሶች መድረሻ ቀን

«ጥር 8 ትረከቢያለሽ ብላችሁኝ ነበር። ሦስቱም ለጥምቀት ይደርሳሉ?»

ሁለቱ ጥር 8 ይደርሳሉ፤ የታናሽ እህትሽ ግን አይደርስም። ቀኑን የነገርኩሽ ሸማኔውን ሳልጠይቅ፣ በግምት ነበር። ስህተቱ የኔ ነው፣ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ትናንት ሽመናው ቦታ ሄጄ በዓይኔ አየሁት። የሦስተኛው ጥለት ግማሽ ላይ ሳለ አረንጓዴው ክር አልቋል። አዲስ የተገዛው ክር በሌላ ጊዜ የተነከረ ስለሆነ ትንሽ ይጠቁራል። ለብቻው ሲታይ አያስታውቅም፤ ከአሮጌው ጋር ሲገጥም ግን ጥለቱ መሀል ላይ መስመር ይሠራል፣ ታጥቦም አይጠፋም። ስለዚህ ጥለቱ በአዲሱ ክር ከመጀመሪያው ይሸመናል። ከሁለቱ ቀሚሶች ጎን ሲቆም በጥቂቱ የጠቆረ መሆኑን ከአሁኑ እወቂው።

ሸማኔው ጥር 13 አወርደዋለሁ ብሏል፤ ስፌቱ ሁለት ቀን ይፈጃል። አንድ ቀን መጠባበቂያ ጨምሬ ጥር 16 ቤትሽ አደርሳለሁ።

በዓሉ ካለፈ አልፈልገውም ካልሽ የሦስተኛውን ቀብድ ሙሉውን እመልሳለሁ። እስከ ነገ ማታ ብትነግሪኝ ሽመናው ሳይጀመር አስቆመዋለሁ።