ጭራቁ ለምን ይሸወዳል?

«አጎቴ፣ ጭራቅ ሰው የሚበላ ትልቅ ነገር ከሆነ፣ ለምንድን ነው ሁሌ በልጅ የሚሸወደው?»

የእህቴ ልጅ ናት፤ ደሴ፣ መብራት የጠፋበት ማታ። የኖርዌይ ተረት ነገርኳት። እዚያ የኛን ጭራቅ የሚመስለው ትሮል ይባላል፤ ጫካና ተራራ ውስጥ ይኖራል፣ ወርቅና ብር ያከማቻል።

አንድ ድሃ አባት ዕዳ አለበት። ያለው ደን ብቻ ስለሆነ ልጆቹን እንጨት ቆርጠው ዕዳውን እንዲያቃልሉለት ይልካቸዋል። ታላላቆቹ ትሮሉን ሲያዩ ፈርጥጠው ቤት ገቡ። ትንሹ አስከላደን ግን (ስሙ ራሱ ምድጃ ሥር አመድ ሲጭር የሚውለውን ልጅ ያስታውሳል) አይብ ስንቅ ይዞ ሄደ። ትሮሉ «ደኔን ከቆረጥህ እገድልሃለሁ!» ሲለው አይቡን አውጥቶ አጓቱ እስኪፈስ ጨመቀው። «ዝም ካላልክ እንደዚህ ነጭ ድንጋይ ነው የምጨምቅህ!» ትሮሉ ደንግጦ ማረኝ አለ፣ እንጨቱንም አብሮት ቆረጠ።

ትሮሉ እዚህ ላይ ምን አጠፋ? ዓይኑ አልዋሸውም፤ ነጭ ነገር ተጨምቆ ፈሳሽ ሲወጣው በርግጥ አይቷል። የጎደለው ጥርጣሬ ነው። ዕድሜውን ሙሉ የፈለገውን በጉልበቱ ሲያገኝ ስለኖረ የሰው ንግግር ውሸት ይኑርበት አይኑርበት መመርመር አላስፈለገውም። የሚያውቀው መለኪያ አንድ ብቻ ነው፣ ጉልበት። ልጁ የገባውም በዚያች በር ነው። ድሃ ግን ከጌታው ፊት ቆሞ እያንዳንዱን ቃል ሲመዝን ነው የሚያድገው።

ማታ ትሮሉ ቤት ሲደርሱ «እኔ እሳት ላንድድ፣ አንተ ውሃ ቅዳ» አለው። ባልዲዎቹ ብረት ናቸው፤ ልጁ ከቦታቸው እንኳ ሊያነቃንቃቸው አይችልም። «በነዚህ ትንንሽ ዕቃ ከምመላለስ ጉድጓዱን ራሱን ላምጣው» አለ። ትሮሉ ጉድጓዱን እንዳያጣ ፈርቶ ራሱ ሄዶ ቀዳ። ገንፎ ቀረበና በመብላት ተወዳደሩ። ልጁ ሆዱ ላይ ስልቻ አስሮ፣ ከሚበላው ይልቅ ወደ ስልቻው የሚጨምረው ይበልጥ ነበር። ሲሞላ በቢላ ቀደደውና «ሆድህን ብትቀድ የፈለግከውን ያህል ትበላለህ» አለው። ያመዋል ወይ ሲለው፣ ይህን ያህል አያምም አለው። ትሮሉም ቀደደ፣ ሞተም።

አሁን አደጋውን ከተረቱ አውጡት። ትሮሉ ሰው የማይገድል ቢሆን ኖሮ አይቡ ተራ ጨዋታ ይሆን ነበር፤ ልጅቷም ትንፋሿን ይዛ አትሰማኝም። ሞኝነቱንስ ብናወጣው? ልጁ መጀመሪያ ሲገናኙ ይሞታል፣ ተረቱም እዚያው ያልቃል። ሰሚው ሁለቱንም ይፈልጋል፤ የሚያስፈራ ጉልበትና ደካማ ሰው የሚያልፍባት አንዲት ቀዳዳ። እንዲህ ያለው ተረት በጣም ስለበዛ ፊንላንዳዊው አንቲ አርነ በ1910 ባወጣው የተረት ዓይነቶች መዝገብ ራሱን የቻለ «የሞኝ ጭራቅ» ክፍል አለው፤ ቁጥሩ ከ1000 ይጀምራል።

ግዙፍ ሁሉ ሞኝ ነው ማለት ግን አይደለም። ኖርዲኮች በሚባሉት የሰሜን አውሮፓ ሕዝቦች ጥንታዊ ግጥም ቫፍትሩድኒር የሚባል ግዙፍ አለ፤ ከአምላኩ ከኦዲን ጋር አንገቱን አስይዞ በእውቀት የሚወዳደር ሊቅ ነው። የተሸነፈውም ኦዲን ራሱ ብቻ የሚያውቀውን ነገር ስለጠየቀው ነው። አማልክት ከግዙፍ ጋር ሲገጥሙ ግዙፉ ሊቅ መሆን ይችላል። ባለዕዳ ገበሬ ተረቱን ለልጆቹ ሲያወራ ግን መሸወድ አለበት፤ ገበሬው ከአይብና ከምላሱ ሌላ መሣሪያ የለውማ።

እኛ ጋ ይህን ቦታ ከጭራቅ ይልቅ የያዘው ጅብ ይመስለኛል። «ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» እንላለን። እንግዳ መስሎ ገብቶ፣ ሊተኛበት የሚጠይቀው ቁርበት ራሱ ምግቡ ነው። እንደ ትሮሉ ሆዱ ይቀድመዋል። ልዩነቱ ይሰማኛል፤ ትሮል ዛሬ ኖርዌይ ውስጥ አፍንጫው የረዘመ አሻንጉሊት ሆኖ ለቱሪስት ይሸጣል፣ የሚፈራው ሰው አላየሁም። ደሴ ላይ ግን ስለ ጅብ ሞኝነት ስቀን ስናበቃ ከጦሳ ተራራ በኩል ድምፁ ሲመጣ ሁላችንም ዝም እንላለን፣ እናቴም ተነስታ የግቢውን በር መቆለፉን ታያለች። በተረት የምንስቅበት፣ ሲመሽ የምንፈራው ያንኑ አውሬ ነው።

ልጅቷ ተረቱ ሲያልቅ ስለ ትሮሉ ሞት ምንም አላለችም።

«ዕዳውስ ተከፈለ?»

ልጁ የትሮሉን ወርቅና ብር ይዞ ሄደ፣ ከዕዳውም የተወሰነውን ከፈለ አልኳት። የተወሰነውን ነው የሚለው ተረቱ።