የማይሞላው ሲኒ

የዘመኑ ወጣት የጀመረውን አይጨርስም እየተባለ የሚሰነዘረው ወቀሳ ያሳዝነኛል፤ ወቃሾቹ አለመጨረስ ራሱን የቻለ ሙያ መሆኑን አላዩምና። እኔ ግን እዚሁ ጅማ፣ በጎረቤቴ ቤት በርጩማ ላይ ተቀምጬ አቦል ስጠብቅ፣ የቤቱ ልጅ ስታልቅ ራሷ ተመልሳ ስለምትጀምር መጨረሻ የሌላት የዘጠኝ ሰከንድ ቪዲዮ ሲሠራ አይቼ ዓይኔ ተገልጧል።

የቀረጸው እናቱ ቡና ሲቀዱ ነው። ሲኒ የሚሉት ነገር ግን ሲቀዱበት የመሞላት መጥፎ ጠባይ ስላለው፣ ቪዲዮው ተመልሶ ሲጀምር የሞላው በድንገት ባዶ ሆኖ ይታያል፤ ተመልካቹም ይነቃል። ስለዚህ ብልሁ ልጅ ሲኒውን ከምስሉ አስወጥቶ የጀበናውን አፍና የሚወርደውን ቡና ብቻ አስቀረ። ከዚያም ቀረጻውን መሐል ለመሐል ቆርጦ ሁለተኛውን ግማሽ ከፊት፣ የመጀመሪያውን ከኋላ አደረገው፤ በዚህ ዘዴ የቪዲዮው መጨረሻና መጀመሪያ ድሮውንም ተከታትለው የተቀረጹ ምስሎች ስለ ሆኑ መገጣጠሚያቸው አይታይም። ስፌቱ ወደ መሐል ተዛወረ እንጂ አልጠፋም፤ ነገር ግን ቀረጻውን ሲጀምርም ሲጨርስም ሌንሱን በነጠላ ጋርዶት ስለ ነበር፣ እዚያ ላይ የሚታየው ነጠላ ሽው ሲል ብቻ ነው።

ከዚህ በፊት መጨረሻው ከመጀመሪያው እንዲገጥምለት ብሎ የመጀመሪያውን ምስል ቀድቶ መጨረሻ ላይ ለጥፎ ነበር አሉ። በሰከንድ 30 ምስል በሚያልፍበት ቪዲዮ አንዱ ምስል ሁለት ጊዜ ሲደገም፣ የሚወርደው ቡና በየዙሩ ስቅ ይለዋል። የተደገመውን አንዱን ምስል አውጥቶ ስቅታውን አዳነው።

የጥበቡ ጥበብ ግን ንግግሩ ነው። ቪዲዮው «የጅማ ቡና እንዲህ የሚጣፍጠው በምን እንደ ሆነ ብዙ ሰው አያውቅም» ብሎ ይጀምርና «ምስጢሩን ልንገራችሁ» ብሎ ያልቃል። ስለዚህ ጆሮ የሚሰማው «ምስጢሩን ልንገራችሁ፣ የጅማ ቡና እንዲህ የሚጣፍጠው በ...» የሚለውን ነው። አማርኛ ደግሞ ፍሬ ነገሩን ለዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ የሚያቆይ ቋንቋ በመሆኑ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ይመስላል፤ እኔም ግሱን እየጠበቅሁ አምስት ጊዜ ሰማሁት። ዩቲዩብ እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 2025 መጨረሻ ጀምሮ በአጫጭር ቪዲዮዎቹ ላይ እያንዳንዱን ድግግሞሽ እንደ አዲስ ዕይታ ስለሚቆጥር፣ አንዱ እኔ አምስት ሰው ሆኜ ተመዝግቤአለሁ ማለት ነው። ቤተሰቤ እንኳ እንዲህ ቆጥሮኝ አያውቅም።

ምስጢሩን ራሱን ልጁን ብጠይቀው «እሱን አልቀረጽኩትም፣ ጋሼ» አለኝ።

እናቱ ስልኩን ተቀብለው ብዙ ዙር ተመለከቱና «አሁን ይሄ ቡና የሚፈሰው የት ነው?» ሲሉ ጠየቁ። ዝቅ ብለን ብናይ፣ ለቀረጻው ሲሉ ሳያቋርጡ የቀዱት አቦል ከሲኒው ተርፎ፣ ረከቦቱን አጥለቅልቆ ቄጤማው ላይ ደርሷል።