ከሣጥኑ ጀርባ የነበረው ብድር

«ያ ቴትዘል የሚሉት መነኩሴ ባይስገበገብ ኖሮ ሉተር ይነሣ ነበር?» ሲል አንድ ወዳጄ ጠየቀኝ።

ለእኔ ቴትዘል የሥርየት ወረቀት ሻጭ ብቻ ነበር። ነገሩ የተጠነሰሰው ከእሱ በላይ ነው።

በፈረንጆቹ 1514 የጀርመኗ ማይንዝ ሊቀ ጳጳስ አረፉ። በአሥር ዓመት ውስጥ ሦስተኛው መሆናቸው ነው። አዲስ ሊቀ ጳጳስ በተሾመ ቁጥር ደግሞ ፓሊየም ከሮም ይመጣል። ፓሊየም ከነጭ ሱፍ የተሠራ፣ ትከሻ ላይ የሚደረግ ጥብጣብ ነው። ክፍያው ግን አገር ያራቁታል። ማይንዝ ደግማ ደጋግማ ከፍላ ኪሷ ባዶ ቀርቷል።

የብራንደንቡርጉ ልዑል አልብሬኽት «እኔ ከኪሴ እከፍላለሁ» አለና ተመረጠ። ገና 23 ዓመቱ ነበር፣ ለጵጵስና የሚፈቀደው ዕድሜ አልደረሰም። በዚያ ላይ የማግደቡርግን መንበር ይዟል። ሕጉን ለማለፍ ለሮም ሌላ ገንዘብ ጨመረ። ከየት አመጣው? ከአውግስቡርጎቹ ባለባንኮች ከፉገሮች ተበደረ፤ 29,000 የወርቅ ጉልደን ገደማ።

ዕዳው እንዴት ይከፈል? ፖፕ ሊዮ 10ኛ ለቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ግንባታ የሚውል የሥርየት ወረቀት በአልብሬኽት ግዛት እንዲሸጥ ፈቀዱ። ግማሹ ለሮም፣ ግማሹ ለፉገሮች ዕዳ። ለሕዝቡ የተነገረው ስለ ግንባታው ብቻ ነው። የሽያጩ ገንዘብ የሚጣልበት ሣጥን ሲከፈት ግን የፉገር ሰው አጠገቡ ቆሞ ነበር።

ወረቀቱ በትምህርት ደረጃ ኃጢአት አይሸጥም። ኃጢአቱ በኑዛዜ ይሰረያል፤ ወረቀቱ የሚያነሣው የሚቀረውን ቅጣት፣ እኛ ቀኖና የምንለውን ዓይነት ነው። በአልብሬኽት ስም የወጣው መመሪያ ግን ለሞተ ዘመድ የሚገዛ ሰው መናዘዝም መጸጸትም አያስፈልገውም ይላል። ሣንቲሙን መጣል ይበቃል። ተመንም ነበረው፦ ንጉሥ 25 ጉልደን፣ ነጋዴ 3፣ የእጅ ባለሙያ 1። ድሃ በጾምና በጸሎት ይገባል ተብሏል። እዚህ ላይ ትምህርቱና ገበያው ተለያዩ ባይ ነኝ።

የቪተንበርጉ ገዢ ፍሪድሪሽ ቴትዘልን ከግዛታቸው ከልክለው ነበር። ንጹሕ ስለሆኑ እንዳይመስላችሁ! እሳቸውም በሺዎች የሚቆጠር የቅዱሳን አጽምና ንዋይ ሰብስበው ነበር፤ ያንን የጎበኘ ሥርየት ያገኛል። ሕዝቡ ግን ድንበር ተሻግሮ ዩተርቦግ ድረስ ሄዶ ገዛ። ወረቀቱን ይዞም መምህሩና አናዛዡ ሉተር ጋ መጣ።

ሉተር ሽያጩን በተቃወመባቸው 95 አንቀጾች በ86ኛው ላይ ይህን ያህል ሀብት ያላቸው ፖፕ ቤተ ክርስቲያኑን ለምን በራሳቸው ገንዘብ አይሠሩም ብሎ ጠየቀ። ስለ ብድሩ ግን አያውቅም ነበር። በፈረንጆቹ ጥቅምት 31 ቀን 1517 አቤቱታውን ከጽሑፉ ጋር አሽጎ የላከው ለማይንዙ ሊቀ ጳጳስ፣ ለባለዕዳው ለአልብሬኽት ነበር። አልብሬኽትም ወደ ሮም አስተላለፈው።