በዞን 2 የተሰፋ የጣት ጅማት መቼ ይንቀሳቀስ?

ጥያቄው፦ «በዞን 2 ተቆርጠው የተሰፉ የጣት አጣፊ ጅማቶችን ታካሚው በራሱ ጡንቻ እንዲያንቀሳቅሳቸው በመጀመሪያው ሳምንት መፍቀድ ተገቢ ነውን?»

የቀዶ ሕክምና ሐኪሙ፦ ተገቢ አይደለም እላለሁ። የቀለበት ጣቱን መስታወት የቆረጠው ታካሚ ነበረኝ፤ ሁለቱንም ጅማቶች ሰፋሁለት፣ በመጀመሪያው ሳምንትም ጣቱን እንዲያጥፍ ተፈቀደለት። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ነገር ድንገት ሲበጠስ ተሰማኝ ብሎ መጣ። መካከለኛውን መገጣጠሚያ ቀጥ አድርጌ ይዤ የጣቱን ጫፍ እንዲያጥፍ ስጠይቀው ጫፉ አልተነቃነቀም፤ እኔ ስገፋው ግን ያለ ችግር ታጠፈ። የተሰፋው ጅማት በእነዚህ ሳምንታት ደካማ ስለሆነ፣ እስከ አራተኛው ሳምንት ድረስ ጣቱ በስፕሊንት፣ ማለትም በድጋፍ ማሰሪያ፣ ውስጥ ሆኖ በሌላኛው እጅ ብቻ ቢታጠፍ ይሻላል።

ፊዚዮቴራፒስቷ፦ ዶክተር፣ የተቆረጡትን ጫፎች ለማያያዝ በቁርጡ ላይ የተሻገሩት ዋና የስፌት ክሮች ስንት ነበሩ?

ሐኪሙ፦ ሁለት።

ፊዚዮቴራፒስቷ፦ እንግዲያው ክርክራችን ከልምምዱ በፊት ከስፌቱ ይጀምራል። ሁለት ክር በሌላ እጅ ለሚደረግ እንቅስቃሴ ይበቃ ይሆናል እንጂ ለጡንቻ ጉተታ አስተማማኝ አይደለም፤ ቢያንስ አራት ክር፣ በዙሪያውም ቀጭን ስፌት ያስፈልጋል። ዞን 2 ለጣቶቹ ከሚቀርበው የመዳፍ እጥፋት አካባቢ እስከ መካከለኛው የጣት አጥንት የሚደርስና ሁለት ጅማቶች በአንድ ጠባብ ሰገባ የሚያልፉበት ስፍራ በመሆኑ፣ ያልተንሸራተተ ጅማት በቀላሉ ከሰገባው ጋር ይጣበቃል። በሌላ እጅ ሲታጠፍ ደግሞ፣ በተለይ እብጠት ካለ፣ መገጣጠሚያው እየታጠፈ ጅማቱ ሳይንሸራተት ሊተጣጠፍ ይችላል።

እኔ በቀዶ ሕክምናው ማግስት አልጀምርም። እብጠቱ የእንቅስቃሴውን ተቃውሞ ስለሚጨምር ከ3 እስከ 5 ቀን እጠብቃለሁ፤ ከዚያ መገጣጠሚያዎቹን በሌላኛው እጅ አፍታትቼ፣ ታካሚው ከሙሉ ጭብጥ እስከ ግማሹ ብቻ ቀስ ብሎ እንዲያጥፍ አደርጋለሁ፤ ጅማቱን አብዝቶ የሚፈትነው የመጨረሻው እጥፋት ነውና። ዕቃ ማንሳት ፈጽሞ ክልክል ነው።

ሐኪሙ፦ ስለ ክሩ ብዛት እቀበላለሁ። ነገር ግን አራት ክር ጅማቱን ስለሚያወፍረው ጅማቱን ከአጥንቱ ጋር አስጠግቶ በሚይዘው ቀለበት፣ በፑሊው፣ ሥር ቢነክስስ?

ፊዚዮቴራፒስቷ፦ እርሱን ማወቅ የሚቻለው በቀዶ ሕክምናው ጠረጴዛ ላይ ነው። ታካሚው ነቅቶ እያለ፣ በአካባቢ ማደንዘዣ ብቻ ከተሠራ፣ ቆዳው ከመዘጋቱ በፊት ጣቱን ራሱ እንዲያጥፍ ይጠየቃል። በስፌቱ መሃል ክፍተት ከታየ ይጠናከራል፤ የሚነክስ ፑሊ ካለም፣ ሌሎቹ ደህና እስከሆኑ ድረስ፣ በልኩ ይከፈታል።

ሐኪሙ፦ ለአዋቂ ታካሚ እሺ። መመሪያ መከተል የማይችል የአምስት ዓመት ሕፃን ከሆነስ?

ፊዚዮቴራፒስቷ፦ ለእርሱ እጁን ከነክንዱ ለሳምንታት ማሰር ይሻላል፤ በዚህ አልከራከርዎትም። ስፕሊንቱን ቤት ሲገባ የሚያወልቀው አዋቂ ግን ለእኔም ያልተፈታ ጉዳይ ነው።