በ4 ማካፈሉን ተዉት

«ገደቡን 5 አድርጌ ከዚያ በታች ያሉትን ቁጥሮች ዜሮ አደረግኳቸው። የጣልኩት ትንንሾቹን ብቻ ነው። ታዲያ ምስሉ ለምን ካሬ ካሬ ሆነ?»

የጠየቀኝ፣ ምስልን ወደ አማካዮችና ልዩነቶች በሚቀይረው በሃር ዌቭሌት ምስል መጭመቅ የሚለማመድ ተማሪ ነው። ኮዱን አየሁት፤ የተማረውን በትክክል ጽፎታል። እኔ የምወቅሰው ትምህርቱን ነው። ሃርን የሚያስተምሩ ሰዎች «አማካይ ውሰድ፣ ልዩነቱን አካፍል» ብለው ይጀምራሉ፣ ለመግቢያ ምንም አይልም፣ ግን ገደብ ማስቀመጥ ላይ ሲደርሱም እዚያው ላይ ተቸክለው ይቀራሉ።

በቁጥር እንየው። ከአንድ ምስል የተቆረጠች 4 በ4 ቁራጭ ይኸችው፦

```
104 104 102 102
104 104  90  90
104 104  96  96
104 104  96  96
```

ግራው ትንሽ ፈካ ያለ ነው፣ ቀኙ ጠቆር ይላል። ቀኝ ላይኛው ጥግ ላይ ደግሞ ጭረት የመሰለ ነገር አለ። ቁራጯን 2 በ2 እንከፋፍላት። ከእያንዳንዷ ክፋይ አንድ አማካይና ሦስት ልዩነቶች ይወጣሉ፦ የግራና ቀኝ፣ የላይና ታች፣ የሰያፍ። አማካዮቹ 104፣ 96፣ 104 እና 96 ናቸው። ልዩነቶቹ ከአንዱ በቀር ሁሉም ዜሮ ናቸው። ያ አንዱ የጭረቷ ነው፦ (102+102−90−90)/4 = 6። አሁን ያንኑ ሥራ በአራቱ አማካዮች ላይ እንድገመው። አጠቃላይ አማካዩ 100፣ የግራና ቀኙ ልዩነት 4 ይሆናል። 16 ቁጥሮች ነበሩን፣ ዜሮ ያልሆኑት 3 ብቻ ቀሩ፦ 100፣ 4 እና 6።

ገደቡ 5 ከሆነ 4 ይጣላል፣ 6 ይተርፋል። ትክክል ይመስላል አይደል? አይደለም። ያቺ 4 የምትሠራው በ16ቱም ፒክሰሎች ላይ ነው፤ ስትጠፋ እያንዳንዱ ፒክሰል በ4 ይሳሳታል፣ የስህተቱ ካሬ ድምር 16×16 = 256 ይመጣል። 6ን ብንጥል ኖሮ የሚበላሹት 4 ፒክሰሎች ብቻ ናቸው፣ ድምሩም 4×36 = 144 ነው። ልጁ የጣለው ከባዱን ነው፣ በቁጥር ስላነሰ ብቻ።

ካሬዎቹም የመጡት ከዚሁ ነው። ግራና ቀኝ መለያየታቸውን የሚናገረው ቁጥር ሲጠፋ ቁራጯ በሙሉ (ከጭረቷ በቀር) አንድ ቀለም ትሆናለች። ጎረቤቷም እንዲሁ በራሷ አማካይ ላይ ትቆማለች፣ በመካከላቸው ደረጃ ይፈጠራል። ይህን ለማየት የፊት ቆዳ ወይም ሰማይ ያለበትን ቦታ አጉልታችሁ ተመልከቱ። ፀጉርና ሣር ላይ ብዙም አይታወቅም።

መፍትሔው በ4 ሳይሆን በ2 ማካፈል ነው፤ ማለትም በአግድምም በቁልቁልም በ√2። ያኔ ሦስቱ ቁጥሮች 400፣ 16 እና 12 ይሆናሉ። የ16 ካሬ 256፣ የ12 ካሬ 144 ነው፤ ቅድም ያገኘናቸው ስህተቶች ራሳቸው! አሁን የቁጥሩ መጠን የሚያደርሰውን ጉዳት በቀጥታ ይናገራል፣ ስለዚህ አንድ ገደብ ለሁሉም ይሠራል። ኮዳችሁ ልክ መሆኑን ለማረጋገጥ የ16ቱን ፒክሰሎች ካሬዎች ደምሩ፣ የወጡትን ቁጥሮች ካሬዎችም ደምሩ። እዚህ ሁለቱም 160400 ነው። ካልተገጣጠመ የሆነ ቦታ ላይ በትክክል አላካፈላችሁም።

በ4 ማካፈሉን በፍጹም አልተውም የሚል ካለ፣ ሥራውን በአማካዮቹ ላይ በደገመ ቁጥር ገደቡን በግማሽ ይቀንስ። ውጤቱ አንድ ነው። እኔ ግን ሁለት ገደብ ይዞ መዞር ያሰለቸኛል።

ሌላው የሚያናድደኝ ነገር፣ ዜሮ ማድረግ ብቻውን ፋይሉን አያሳንስም። ዜሮም ቦታ ይይዛል። ተከታታይ ዜሮዎቹን ቆጥሮ በአጭሩ የሚጽፍ ኮድ ካልተከተለ 16 ቁጥር ሰጥታችሁ 16 ቁጥር ነው የምታስቀምጡት።

ደግሞ ምሳሌዬ ለሃር እንዲመች አድርጌ የመረጥኩት መሆኑን አልደብቅም። ጠርዙ ልክ በጥንዶች መካከል ነው የወደቀው። አንድ ፒክሰል ወደ ቀኝ ብትገፉትና ረድፉ 104 104 104 96 ቢሆን፣ ዜሮ የነበረው የቀኙ ጥንድ ልዩነት ወዲያው ዜሮ ያልሆነ ቁጥር ይሆናል። ቀስ እያለ የሚፈካ ቦታም እንደዚያው ነው፤ 10 12 14 16 የሚል ረድፍ አንድም ዜሮ አይሰጣችሁም። ጄፔግ 2000 ሃርን ትቶ ረዘም ያሉ ማጣሪያዎችን የተጠቀመው ያለ ምክንያት አይደለም።

ለተማሪው የቀረኝ አንድ ነገር ነው። በ2 ማካፈል ስትጀምር ገደቡን 5 ላይ እንዳትተወው፤ ቁጥሮቹ ስላደጉ ምንም አይጣልልህም። 13 በለው፤ ያኔ 12 ይወድቃል፣ ጭረቷ ትጠፋለች፣ ግራና ቀኙ ግን እንደተለያዩ ይቆያሉ።