የሞባይል ገንዘብ ጣሪያው ሳይሆን መወጣጫው ይስተካከል

በድሬዳዋ ገበያዎች ክፍያ ሲከለከል ብዙ ጊዜ የሚወቀሰው ኔትወርኩ ነው። ከፋዩ ደጋግሞ ይሞክራል፣ ሻጩ ስልኩን ወደ ላይ ያነሣል፣ በመጨረሻም ሁለቱ በጥሬ ገንዘብ ተስማምተው ይለያያሉ። ከእነዚህ ክልከላዎች ብዙዎቹ ግን ከኔትወርክ ጋር ግንኙነት የላቸውም። የሚመነጩት ከሂሳቡ ደረጃ ነው፤ ይህንንም ከፋዩም ሻጩም አያውቁትም፣ የሚያሳውቃቸውም የለም። ደረጃ መኖሩን አልቃወምም። የምቃወመው ሰው በየትኛው ደረጃ ላይ እንዳለ ሳያውቅ መታገዱን፣ ወደ ላይ የሚወጣበት መንገድም ከሚገባው በላይ ጠመዝማዛ መሆኑን ነው።

የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2020 የክፍያ ሰነድ አውጪዎችን በሚመለከት ባወጣው መመሪያ የሞባይል ገንዘብ ሂሳቦችን በሦስት ደረጃ ከፍሎ ነበር። በአንደኛው ደረጃ የሚያዘው ቀሪ ሂሳብ ከ5,000 ብር፣ የቀን ግብይቱ ከ1,000 ብር፣ የወሩ ደግሞ ከ10,000 ብር እንዳይበልጥ ተወሰነ። ለሁለተኛው ደረጃ 20,000፣ 5,000 እና 40,000 ብር፣ ለሦስተኛው 30,000፣ 8,000 እና 60,000 ብር ተቀመጠ። ከዚያ ወዲህ ቴሌብር በ2021፣ ኤም-ፔሳ ደግሞ በ2023 ሥራ ጀምረዋል፤ የዋጋው ንረትም የብሩን አቅም ለውጦታል፤ ስለዚህ ዛሬ በእያንዳንዱ ሂሳብ ላይ የሚሠራውን ቁጥር ከአገልግሎት ሰጪው ማረጋገጥ ያስፈልጋል። የአሠራሩ ቅርጽ ግን ከእነዚህ ቁጥሮች በደንብ ስለሚታይ እነርሱን ይዤ ልቀጥል።

አስተሳሰቡ ትክክል ነው። ማንነቱ በጥቂት መረጃ ብቻ የተመዘገበ ሰው ትንሽ ገንዘብ ያንቀሳቅስ፣ ሕጋዊ መታወቂያ ያቀረበ ሰው የበለጠ ያንቀሳቅስ ማለት ነው። መታወቂያ የሌለው የገጠር ሰው ጨርሶ ከአገልግሎቱ እንዳይገለል፣ በሌላ በኩል ደግሞ በማይታወቅ ስም ትልቅ ገንዘብ እንዳይዘዋወር የሚያደርግ መካከለኛ መንገድ ነው። ችግሩ የሚጀምረው ሦስቱ ገደቦች በአንድ ሰው ሂሳብ ላይ ሲገናኙ ነው።

በድሬዳዋው የከፊራ ገበያ ቲማቲምና ሽንኩርት የምትሸጥ፣ በአንደኛ ደረጃ ሂሳብ የምትጠቀም አንዲት ነጋዴ እንውሰድ። ሂሳቧ ላይ 4,300 ብር አለ። የምግብ ቤት ደንበኛዋ የ900 ብር ዕቃ ወስዶ ሊከፍላት ሲሞክር ክፍያው ይከለከላል፤ ቀሪ ሂሳቧ 5,200 ብር ሊሆን ስለሆነ ከጣሪያው በ200 ብር ይበልጣል። ከፋዩ በራሱ በኩል በቂ ገንዘብም የተረፈ ገደብም አለው። ያገደው የእርሷ ጣሪያ ነው፤ መልእክቱ የሚደርሰው ግን ለእርሱ ነው፤ እርሱም የራሱ ሂሳብ የተበላሸ ይመስለዋል። ነጋዴዋ ነገሩን ቢነግሯትና ቦታ ለማስለቀቅ ከወኪል 700 ብር ብታወጣ፣ የ900 ብሩ ክፍያ ይገባል፤ ነገር ግን በዚያው ዕለት ልታንቀሳቅስ የምትችለው 300 ብር ብቻ ይቀራታል። ማምሻውን ለአትክልት አምጪዋ 800 ብር መላክ ቢኖርባት አትችልም። አንዱን ገደብ ለመሻገር ያደረገችው ነገር ሌላው ገደብ ላይ ጣላት ማለት ነው።

የወሩ ገደብ ደግሞ ከዚህም በላይ የተደበቀ ነው። በቀን 1,000 ብር ተፈቅዶልሃል የተባለ ሰው በወር 30,000 ብር የተፈቀደለት ይመስለዋል። የወሩ ጣሪያ 10,000 ብር ስለሆነ ግን የቀኑን ገደብ ሙሉ በሙሉ የተጠቀመ ሰው በአሥረኛው ቀን ያበቃለታል። በሁለተኛው ደረጃ በስምንተኛው ቀን፣ በሦስተኛው ደግሞ ስምንተኛው ቀን ሳያልቅ ያበቃል። ወር በገባ በመጀመሪያው ሳምንት ሁሉም ነገር ሠርቶ ከዚያ በኋላ በድንገት እምቢ ያለ ሂሳብ ካለ፣ በቅድሚያ መጠርጠር ያለበት ይህ ነው። በአንጻሩ ትንሽ መጠን እያለፈ ትልቁ ብቻ ሲከለከል የቀን ገደብ ወይም የተቀባዩ ጣሪያ ነው፤ ከእነዚህ ሁለቱ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ያንኑ መጠን ለሌላ ተቀባይ ልኮ መሞከር ይበቃል።

ታዲያ ደረጃን ከፍ ማድረግ መፍትሔው ነው። በወረቀት ላይ ቀላል ነው፤ መታወቂያ ይቀርባል፣ ስም ከስም ጋር ይመሳከራል፣ ደረጃው ይቀየራል። እኛ ከተማ ላይ ግን ሁለት ነገሮች ያደናቅፉታል።

የመጀመሪያው ሲም ካርዱ በማን ስም እንደወጣ ነው። የሞባይል ገንዘብ ሂሳብ ከስልክ ቁጥር ጋር የተጣበቀ ነው። ብዙ ሰው ግን ቁጥሩን ያወጣው በወንድሙ፣ በባሏ ወይም መታወቂያ በነበረው ጎረቤት ስም ነው። ሳፋሪኮም እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2022 አገልግሎቱን በኢትዮጵያ መስጠት የጀመረው ከዚሁ ከድሬዳዋ ስለነበር ተጨማሪ ሲም ማውጣት እዚህ ቶሎ ተለመደ። ስለዚህ ሴትየዋ የራሷን ፋይዳ ይዛ ብትቀርብም ቁጥሩ የእርሷ አይደለም ትባላለች፤ መጀመሪያ የቁጥሩ ባለቤትነት ወደ ስሟ መዛወር አለበት፤ ለዚህም የመጀመሪያው ባለስም በአካል መገኘት ሊኖርበት ይችላል። ሰውዬው ጅቡቲ ከሄደ ጉዳዩ እዚያው ይቆማል።

ሁለተኛው የስም አጻጻፍ ነው። እዚህ ከተማ አንድ ሰው በቀበሌ መታወቂያው በአማርኛ መሐመድ፣ በሌላ ሰነድ ሙሐመድ ተብሎ ሊጻፍ ይችላል፤ በአፋን ኦሮሞና በሶማሊኛ የላቲን ፊደል ሲጻፍ ደግሞ ሌላ ሁለት መልክ ይይዛል። ኮምፒውተሩ ፊደል በፊደል ካመሳከረ አንዱ ሰው ሦስት ሰው ይሆናል። በዚህ ምክንያት ብቻ ማመልከቻው የሚመለስበት ሰው ምንም አላጠፋም፤ ጥፋቱ የአሠራሩ ነው። የፋይዳ 12 አሃዝ ቁጥር ከጣት አሻራ፣ ከዓይን ብሌንና ከፊት ምስል ጋር የተያያዘ ስለሆነ ማመሳከሪያው እርሱ ሊሆን ይገባል፤ ስም ደጋፊ መረጃ ብቻ ይሁን።

መወጣጫው ሲጠብ ሰው ተቀምጦ አይጠብቅም። ነጋዴዎች የልጃቸውን፣ የእህታቸውን፣ የረዳታቸውን ሂሳብ እየተበደሩ ሽያጭ ይቀበላሉ። ይህን የሚያደርጉት ወንጀል ለመሥራት ሳይሆን ጣሪያው ስለሞላባቸው ነው። ውጤቱ ግን ገደቡ ከተደነገገበት ዓላማ ጋር በቀጥታ ይቃረናል፤ የገንዘቡ እውነተኛ ባለቤት በመዝገብ ላይ አይታይም። ረዳቱ ሥራ ቢለቅ ወይም ሂሳቡን ያዋሰው ሰው ቢሞት ነጋዴዋ ገንዘቡ የእኔ ነው ለማለት የምታሳየው ማስረጃ የላትም፤ በሕግ ፊት ገንዘቡ ሂሳቡ በስሙ የተመዘገበለት ሰው ንብረት ነው።

ብሔራዊ ባንክ ከአገልግሎት ሰጪዎች ሊጠይቅ የሚገባው ነገር ትንሽ ነው። ክፍያ ሲከለከል መልእክቱ የትኛው ገደብ እንደተነካ ይግለጽ፤ የቀኑ፣ የወሩ ወይም የተቀባዩ ጣሪያ መሆኑን ይናገር። የተቀባይን የቀሪ ሂሳብ መጠን ለከፋዩ መንገር ምስጢር ማውጣት ስለሚሆን ለእርሱ «ተቀባዩ ይህን መጠን መቀበል አይችልም» ማለት ይበቃል፤ ሙሉው ምክንያት ግን በዚያው ቅጽበት ለተቀባዩ ይላክ። የሂሳቡ ደረጃና ለቀኑና ለወሩ የቀረው ገደብም ቀሪ ሂሳብ በሚታይበት ቦታ አብሮ ይታይ። የሲም ዝውውርና የደረጃ ዕድገት ደግሞ በአንድ መስኮት፣ በአንድ ቀን የሚያልቅ ይሁን። ይህ ሁሉ መልእክት በድሬዳዋ በአማርኛ ብቻ ሳይሆን በአፋን ኦሮሞና በሶማሊኛም መድረስ አለበት፤ ከፊራ ላይ ክፍያ የሚቀበለው ሰው የሚያነበው በእነዚህ ሁሉ ነውና።