ቁርጥ ዋጋ፣ መጠነኛ ድርድር አለው

አክስቴ ዕድሜዋን ሙሉ መርካቶ ገብታ የተጠራላትን ዋጋ ከፍላ አታውቅም። ነጋዴው አንድ ሺህ ካለ እሷ አራት መቶ ትላለች፤ እንቢ ሲላት ዕቃውን አስቀምጣ ወደ በሩ ሦስት እርምጃ ትራመዳለች፤ በአራተኛው እርምጃ ላይ «ነይ እንጂ እናቴ» ተብላ ትጠራለች። ይህችው ሴት በሰኔ 2016 ዓ.ም. አራተኛ ፎቅ ላይ ያለውን ባለሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየሟን ልትሸጥ ተነሥታ ማስታወቂያውን እኔ እንድጽፍላት ስታስቀምጠኝ፣ «8 ሚሊዮን ብር፣ ቁርጥ ብለህ ጻፍ፤ እኔ ከሰው ጋር መከራከር አልወድም» አለችኝ።

ጻፍኩ። ችግሩ ግን «ቁርጥ» የሚለው ቃል በእኛ አገር ከሥጋ ቤት ውጭ ትርጉሙ የማይጸና መሆኑ ነው። ማስታወቂያው በወጣ በሰዓታት ውስጥ የደወሉት ሁሉ ዋጋው ቁርጥ መሆኑን ማንበባቸውን በትሕትና ካረጋገጡ በኋላ፣ «እሺ፣ የመጨረሻው ስንት ነው?» ብለው ጠየቁ። እውነቱን ለመናገር አክስቴም ብትሆን በልቧ 7 ሚሊዮን 600 ሺህ ብር ይዛ ነበር የተቀመጠችው። ቁርጥ ያለችው ድርድሩን ለማስቀረት ሳይሆን ከላይ ለመጀመር ነበር፤ ገዢዎቹም ይህን ስለሚያውቁ ቃሉን የሚያነቡት እንደ ሰላምታ ነው።

ይባስ ብሎ ማስታወቂያውን ያዩ ደላሎች ያንኑ ፎቶግራፍ እየወሰዱ የየራሳቸውን ዋጋ ለጠፉበት። አንዱ 8 ሚሊዮን 500 ሺህ ሲል ሌላው 9 ሚሊዮን አለ፤ አንዱ ደግሞ ከየት እንዳመጣው ሳይታወቅ 7 ሚሊዮን 800 ሺህ ብሎ «ዋጋው በውስጥ መስመር» የሚል ጨመረበት። አዲስ አበባ ያለ ገዢ ይህን ሲያይ ሰፈሩ ድረስ ሄዶ የጥበቃ ሠራተኛውን ይጠይቃል። ባሕር ማዶ ያለው ግን ሦስቱን ዋጋዎች ጎን ለጎን አስቀምጦ ዝቅተኛውን እንደ መነሻ፣ ከፍተኛውን እንደ ስድብ ይቆጥረዋል።

ከእነዚህ የባሕር ማዶ ሰዎች አንዱ ቨርጂኒያ የሚኖር፣ ገንዘቡን በባንክ ልኮ ደረሰኙን ፋይል ውስጥ ማስቀመጥ የሚወድ ጠንቃቃ ሰው ነበር። ከሥራ ሲመለስ፣ ለእሱ ከምሽቱ 2 ሰዓት ሲሆን፣ ይደውላል፤ በአክስቴ አልጋ ላይ ያን ጊዜ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። በጊዜው ባንክ አንዱን ዶላር በ57 ብር ገደማ ስለሚመነዝር፣ 8 ሚሊዮኑ ብር ወደ 140 ሺህ ዶላር ሆነበት። «እትዬ፣ ሊፍት ለሌለው ሕንፃ በዛ» አለና ተሰናበተ። በጥቁር ገበያ ተመን የሚያሰሉት ዘመዶቻችን ደግሞ ዶላሩ እዚያ ከ110 ብር በላይ ስለነበር ያንኑ ቤት በግማሽ ዋጋ ያዩት ነበር፤ ስለዚህ አንድ ማስታወቂያ፣ አንድ ዋጋ፣ ሁለት የተለያዩ ቤቶች ነበሩን ማለት ይቻላል።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲመራ ተወሰነ። ነሐሴ ሲጋመስ ዶላር በባንክም መቶ ብር አለፈ። ያን ሰሞን ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ስልኩ ጮኸ። «እትዬ፣ በቁርጥ ዋጋዎ ተስማምቻለሁ። አንድ ብር እንኳ አይቀንሱልኝ» አለ ጠንቃቃው ሰው።

አክስቴ ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰዳትም። ሳይከራከር የሚገዛ ሰው ወይ ሌባ ነው፣ ወይ እሷ የማታውቀውን ያወቀ ነው ብላ በማለዳ አስጠራችኝ። ሒሳቡን በወረቀት ላይ ሠራሁላት፦ 8 ሚሊዮን ብር ለ100 ሲካፈል 80 ሺህ ዶላር። ድርድር አይወድም የተባለው ቤት ማንም ቃል ሳይተነፍስበት በሁለት ወር ገደማ ጊዜ ውስጥ 60 ሺህ ዶላር ቀንሶ ተገኘ።

«እንግዲያው በዶላር ጻፈው፤ 140 ሺህ ብለህ» አለችኝ። አይሆንም አልኳት። አንደኛ ነገር፣ አገር ውስጥ ያለን ንብረት ያለ ብሔራዊ ባንክ ፈቃድ በውጭ ምንዛሪ መገበያየት የተከለከለ ነው፤ ውልና ማስረጃ ፊት የሚፈረመው ውልም ላይ የሚሰፍረው ብር ነው። ሁለተኛ፣ 140 ሺህ ዶላር በአዲሱ ተመን 14 ሚሊዮን ብር ስለሚሆን የሰፈራችን ገዢዎች ማስታወቂያውን ለመሳቂያ እንጂ ለመግዣ አያነቡትም። ሦስተኛው ደግሞ እሷ ልትሰማው ያልፈለገችው ነበር፦ በሽያጩ ገንዘብ ልትገዛ ያሰበችው ሰሚት አካባቢ ያለ ባለአንድ መኝታ ቤት ነው፤ የዚያም ባለቤት ዋጋውን የጠራው በብር ነው። ዶላር የሚያስፈልገው ዶላር ለሚያወጣ ሰው ነው። የጠፋው 60 ሺህ እሷ ኪስ ገብቶ የማያውቅ፣ ጠንቃቃው ሰው ዘንድ ብቻ የነበረ ገንዘብ ነው።

«ቢሆንም ለምን እሱ ብቻ ይጠቀማል?» አለች። ይህ ፍትሐዊ ጥያቄ ነው። የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ ሆኖ ውልና ማስረጃ ካልቀረበ በቀር ስለማይጸና፣ የሌሊቱ «ተስማምቻለሁ» አላሰራትም ነበር፤ ስለዚህ ማስታወቂያውን እንደ አዲስ ጻፍነው።

ዋጋው 8 ሚሊዮን 800 ሺህ ብር ሆነ። ከሥሩ በትንሽ ፊደል የዕለቱን የዶላር ግምት ከነቀኑ አስቀመጥን፤ ያሰላነውም ባንኩ ዶላር በሚሸጥበት ሳይሆን በሚገዛበት ተመን ነው፣ ምክንያቱም ከውጭ የሚመጣን ዶላር ባንኩ ይገዛል እንጂ አይሸጥም። «ተመኑ ሲለወጥ የዶላሩ ግምት ይለወጣል፤ የብሩ ዋጋ እስከ መስከረም 20 ይጸናል» የሚል ዓረፍተ ነገርም ጨመርን። አክስቴ ሪያድና ዱባይ ላሉ የጎረቤት ልጆች በሪያልና በድርሃም፣ ቴል አቪቭ ላለችው ደግሞ በሰቅል እንድጽፍ ፈልጋ ነበር። ሪያል በ3.75፣ ድርሃም በ3.67 ገደማ ከዶላር ጋር የታሰሩ ስለሆኑ የዶላሩ ግምት እነሱንም ይበቃቸዋል፤ ሰቅልና ዩሮ ግን በየቀኑ ስለሚዋዥቁ እኛ ጽፈን ሳንጨርስ ያረጃሉ፣ ባለቤቶቻቸው ራሳቸው ያስሉት አልኩና አመለጥኩ። ማስታወቂያ እንጂ የምንዛሪ ቢሮ አልከፈትንም።

የቀረው ቃሉ ነበር። «ቁርጥ» ከተሰረዘ በኋላ ቦታውን «ድርድር አለው» ብንሞላው ገዢው የሚጀምረው ከ7 ሚሊዮን ነው፤ ብንተወው ደግሞ ቅናሽ የለም ብሎ ሳይደውል የሚቀር ጨዋ ሰው ይኖራል። «መጠነኛ ድርድር አለው» አልን። አክስቴ መጠኑን ለማንም ሳትነግር 8 ሚሊዮን 400 ሺህ ላይ በልቧ ቆለፈችው።

በማግሥቱ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ስልኩ ጮኸ። ጠንቃቃው ሰው ቅር ብሎት ነበር፤ ቁርጥ የተባለ ዋጋ ወደ ላይ ሲቆረጥ አይቶ አያውቅም።

«እትዬ፣ 8 ሚሊዮን 300 ሺህ ልክፈልና እንጨርስ» አለ።

አክስቴ መልስ አልሰጠችም። ድምፁን ከፍ አድርጋ ስልኩን ሶፋው ላይ አስቀመጠችና፣ በሌሊት ልብሷ፣ ወደ በሩ ሦስት እርምጃ ተራመደች።

«እትዬ? እትዬ፣ አሉ? እሺ፣ 8 ሚሊዮን 550!»

አራተኛውን እርምጃ ወደ ኋላ አደረገችው።